አንድ ደወል፣ ሁለት ዓይነት ትምህርት፦ ክላሲካልና ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግን በክፍል ምሳሌ ለማስረዳት

ጀነራል ሳይኮሎጂ የወሰደ የፍሬሽማን ተማሪ ስለ ኮንዲሽኒንግ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ውሻና ደወል ያለበት ክላሲካል ነው፤ አይጥና ሽልማት ያለበት ኦፐራንት ነው።» ውሻው ወይም አይጧ ፈተናው ላይ እስከመጡ ድረስ መልሱ ያስኬዳል። ግን ጥያቄው እንዲህ ቢሆንስ? «የእረፍት ደወል ሲደወል ተማሪዎች ደብተራቸውን ቦርሳ ውስጥ ይከታሉ። ይህ የትኛው ነው?» ደወል የሚለውን ቃል ያየ ሁሉ ክላሲካል ብሎ ያከብባል። ይሳሳታልም።

ስህተቱ የሚመጣው ሁለቱን በዕቃዎቻቸው ስለሚያስታውሷቸው ነው። የሚለያቸው ግን ሽልማቱ ወይም አስደንጋጩ ነገር ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚመጣ ነው። ቀጥሎ ያለው አካሄድ ለመምህራንና ጓደኞቻቸውን ለሚያስጠኑ ተማሪዎች ነው። ሁለት የሃምሳ ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ይበቁታል። በመጀመሪያው ሁለቱን ሙከራዎች ትሠራላችሁ፤ በሁለተኛው ምሳሌዎቹን ትተነትናላችሁ።

ደረጃ 1፦ በሎሚ ጀምሩ

ፓቭሎቭን ለጊዜው ተዉት። መጀመሪያ ተማሪዎቹ ነገሩ በራሳቸው አፍ ውስጥ ሲሆን ይዩት።

ሎሚውን ቤት ጨምቃችሁ፣ በክዳን ዕቃ አድርጋችሁ አምጡ። ክፍል ውስጥ ከቆረጣችሁት ገና ሳትጀምሩ የሁሉም ምራቅ ይሞላል፤ ሙከራውም ከመነሻው ይበላሻል። ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጉ። አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሌላው በንጹሕ የፕላስቲክ ማንኪያ ጥቂት ጠብታ ምላሱ ላይ ያደርግለታል። ለያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ማንኪያ ይኑረው።

ጥንድ ማድረጉ ለጨዋታ አይደለም። ተማሪው ራሱ አንስቶ ከቀመሰ ሎሚው የመጣው በእሱ ድርጊት ነው ማለት ነው፤ ያኔ ልናሳየው የፈለግነው ነገር ይደበላለቃል። ሎሚው ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው መምጣት አለበት።

አሁን እናንተ ቀስ እያላችሁ ተራ ቃላት ታነባላችሁ፦ ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ መስኮት፣ ደብተር። «ጠረጴዛ» ባላችሁ ቁጥር፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ሎሚው ምላስ ላይ ያርፋል። ሌሎቹን ቃላት ምንም አይከተላቸውም። ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ ቃሉ ይቀድማል፣ ሎሚው ይከተላል። ሎሚው ከቀደመ ቃሉ ምንም የሚያበሥረው ነገር የለም፣ ትምህርቱም በጣም ደካማ ይሆናል። በየመሃሉ አፋቸው እስኪደርቅ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ቃሉንና ሎሚውን አሥር ጊዜ ያህል ካጣመራችሁ በኋላ ማንኪያዎቹ ሁሉ ከፊት ይነሱ። የማንኪያው መቅረብና የሎሚው ሽታ ራሳቸው ምልክት ስለሆኑ ነው።

ከዚያ ያለ ሎሚ ሁለት ቃላት ብቻ ትፈትናላችሁ። መጀመሪያ «መስኮት»፣ ትንሽ ቆይቶ «ጠረጴዛ»። ከያንዳንዱ በኋላ ተማሪው የምራቁን መጠን ከዜሮ እስከ አሥር በሚሰጥ ነጥብ ይጻፍ። «ጠረጴዛ» ላይ ነጥቡ ከፍ ካለ ነገሩ ይዟል። ሁሉም ላይ ግን አይሠራም፤ ምንም ያልተሰማው ተማሪ መኖሩ አያስደንግጣችሁ። ደግሞ ተማሪዎች መምህሩ ምን እንደሚፈልግ ቶሎ ይገባቸዋል። «መስኮት»ን ለማነጻጸሪያ ያስገባነውም ለዚሁ ነው፤ ቢሆንም ይህ ማሳያ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነ ንገሯቸው።

አንድ ነገር አትርሱ፤ ቀኑን ስትመርጡ የጾም ወቅትን አስቡ። የሚጾም ተማሪ፣ ጨጓራ ያለበት፣ ወይም በቃ ያልፈለገ ሰው ነጥብ መዝጋቢ ይሁን።

አሁን ስሞቹን ስጡ። ሎሚው ተፈጥሯዊ ማነቃቂያ ነው፤ ማንም ሳያስተምረን ምራቅ ያመጣል። በሎሚው የመጣው ምራቅ ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው። «ጠረጴዛ» መጀመሪያ ገለልተኛ ነበር፤ ከሎሚ ጋር ከተጣመረ በኋላ ከልምድ የመጣ ማነቃቂያ ሆነ። ለቃሉ ብቻ የመጣው ምራቅ ደግሞ ከልምድ የመጣ ምላሽ ነው። በእንግሊዝኛው ምህጻረ ቃል ዩሲኤስ፣ ዩሲአር፣ ሲኤስ እና ሲአር የሚባሉት እነዚሁ ናቸው። ተማሪዎች የሚደናበሩት ምራቁ ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው። ያው ምራቅ ለምን ሁለት ስም ተሰጠው? የጠራው ነገር ስለተለያየ ነው። አንዴ ሎሚው ጠራው፣ አንዴ ቃሉ።

ፓቭሎቭ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ የፊዚዮሎጂ ሰው ነበር፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ኖቤል የተሸለመውም በምግብ መፈጨት ላይ በሠራው ሥራ ነው። ውሾቹ ምግብ አፋቸው ሳይደርስ ምራቅ ማዝረብረብ ሲጀምሩ ትኩረቱ ወደዚያ ዞረ። በሙከራዎቹ ሜትሮኖም ጭምር ይጠቀም ነበር፤ ስለዚህ ደወል ያለ ቦታ ሁሉ ፓቭሎቭ አለ ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ወዲያው ወደ ጭብጨባው እለፉ

የሎሚው ነገር ሳይቀዘቅዝ አንድ ፈቃደኛ ተማሪ ከክፍል አስወጡ። ሴት ተማሪ ናት እንበል። እሷ ውጭ ሳለች ክፍሉ አንድ ቀላል ድርጊት ይመርጣል፤ ለምሳሌ ዳስተሩን አንስታ ሰሌዳውን እንድታጠፋ። ስትገባ የሚነገራት ይህ ብቻ ነው፦ «እንደፈለግሽ ተንቀሳቀሽ። ጭብጨባ ስትሰሚ ልክ ነሽ ማለት ነው።» ከዚያ በኋላ መናገር፣ በዓይን መጠቆም፣ መሳቅ አይፈቀድም።

መጀመሪያ ፊቷን ወደ ሰሌዳው ባዞረች ቅጽበት አንድ ጊዜ ይጨበጨባል። ያንን ደጋግማ ማድረግ ስትጀምር ጭብጨባው ይቆማል፤ አሁን አንድ እርምጃ መራመድ አለባት። ከዚያ ዳስተሩ አጠገብ መድረስ፣ ከዚያ መንካት፣ ከዚያ ማንሳት፣ በመጨረሻ ማጥፋት። ወደ ግቡ የሚጠጋውን ብቻ እየሸለሙ ድርጊትን ቀስ በቀስ ማበጀት በትምህርቱ ቋንቋ ሼፒንግ ይባላል።

እዚህ የሚበላሸው ሰዓቱ ነው። ፊቷን አዙራ፣ ቀጥላ ፀጉሯን ስትነካ ጭብጨባው ከመጣ የተሸለመው ፀጉር መንካቱ ነው። ከዚያ በኋላ ቆማ ፀጉሯን ስትነካካ ታያላችሁ። ስለዚህ ክፍሉ በየፊናው አያጨብጭብ፤ እጃችሁን ስታነሱ ብቻ ያጨብጭቡ። ሌላው ችግር መቸኮል ነው። ከመዞር በአንዴ ወደ ዳስተር ማንሳት ከዘለላችሁ ግራ ገብቷት ትቆማለች። ያኔ ወደ ኋላ አንድ ደረጃ ተመልሳችሁ ቀላሉን ሸልሙ።

ሰሌዳውን ማጥፋት ከለመደች በኋላ ጨዋታውን አታቁሙት። ለክፍሉ በምልክት ጭብጨባ ከልክሉና ጠብቁ። ብዙ ጊዜ ድርጊቱ ወዲያው አይጠፋም። እንዲያውም ይብሳል፤ በኃይል ታጠፋለች፣ በሁለት እጅ ትሞክራለች፣ ወደ ክፍሉ ዞራ «ምን አጠፋሁ?» በሚል ዓይን ታያለች። ሽልማት የተቋረጠበት ድርጊት ከመክሰሙ በፊት እንዲህ ሊጋጋል ይችላል። ከረሜላ ሲከለከል ጩኸቱን የሚጨምር ሕፃን ያየ ሁሉ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

አሁን ታሪኩን ጨምሩ። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ባወጣው ሥራ ድመቶችን ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ለማምለጥ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ለካ፤ በድግግሞሽ ጊዜው እያጠረ ሄደ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር ደግሞ አይጦች ዘንግ ሲጫኑ ምግብ የሚያገኙበትን ሣጥን ሠርቶ በ1938 ሥራውን በመጽሐፍ አወጣ። ከዚህ በላይ ታሪክ ለመጀመሪያው ቀን አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ለዩ

ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጻፉ፦ *ተማሪዋ ምንም ባታደርግ ኖሮ ይመጣ ነበር?*

ሎሚው ይመጣ ነበር። ምራቅ ቢመጣም ባይመጣም፣ ብታስብም ባታስብም፣ «ጠረጴዛ» ከተባለ ሎሚው ይከተላል። የተማረችው ሁለት ነገሮች ተከታትለው እንደሚመጡ ነው። ይህ ክላሲካል ነው።

ጭብጨባውስ? አይመጣም። ቆማ ብትውል ክፍሉም ዝም እንዳለ ይውላል። የተማረችው ይህን ባደርግ ይህ ይከተላል የሚለውን ነው። ይህ ኦፐራንት ነው።

መማሪያ መጻሕፍት ሌላም መለያ ይሰጣሉ፦ ክላሲካል ያለፈቃድ የሚመጣ ምላሽ ነው፣ ኦፐራንት በፈቃድ የሚደረግ ድርጊት ነው። ልክ ነው፣ ይረዳልም። እኔ ግን ሁለተኛ ረድፍ ላይ ባስቀምጠው እመርጣለሁ። ተማሪ ነገሩን በፈቃድ ብቻ ለመለየት ሲሞክር ቶሎ ይጠላለፋል፤ «ሳላስበው ነው ደብተሬን የምዘጋው» ይልና የለመደ እጅ ያደረገውን ከምራቅ ጋር ይደምረዋል። ከላይ ያለው ጥያቄ ከዚህ ያድናል።

ደረጃ 4፦ በአንዲት ተማሪ ላይ ሁለቱን አሳዩ

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። እስካሁን ሎሚና ጭብጨባ ተለያይተው ነበር። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ግን ሁለቱ አንድ ልጅ ላይ ተደራርበው ይገኛሉ። ምሳሌዋን ሄለን እንበላት። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት።

የሒሳብ መምህሩ በድንገት ስም ጠርቶ ሰሌዳ ላይ ያስወጣል። ሲሳሳቱ ይጮኻል። ሄለን ሁለት ሦስት ጊዜ ደርሶባታል። ጩኸት በራሱ ልብን ያስደነግጣል፣ እጅን ያልባል፤ ማንም ሊያስተምራት አይገባም። መምህሩ ሲመጣ ግን ሁልጊዜ ኮሪደሩ ላይ የቁልፉ ኳኳታ ይቀድማል። ከሳምንታት በኋላ ሄለን ኳኳታውን ስትሰማ፣ መምህሩ ገና ሳይገባ፣ ልቧ መምታት ይጀምራል።

ተማሪዎቻችሁ አራቱን ቦታዎች ይሙሉ። ጩኸቱ ተፈጥሯዊ ማነቃቂያ፣ ለጩኸቱ የመጣው ድንጋጤ ተፈጥሯዊ ምላሽ፣ ኳኳታው ከልምድ የመጣ ማነቃቂያ፣ ለኳኳታው የመጣው የልብ ምት ከልምድ የመጣ ምላሽ። ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር በ1920 ያሳተሙት ሙከራ የዚህ ዓይነት ነው። ለአንድ ሕፃን ነጭ አይጥ እያሳዩ ከጀርባው የብረት ዘንግ በመዶሻ መቱ፤ ሕፃኑም ቀድሞ ያላስፈራችውን አይጥ መፍራት ጀመረ። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይገኝም።

ወደ ሄለን እንመለስ። አንድ ቀን ልቧ ሲመታ እጇን አነሳች። «ቲቸር፣ ልውጣ?» ተፈቀደላት። በሩን ስትዘጋ ልቧ ረጋ። በቀጣዩ ቀን ፈጥና ጠየቀች። ከወር በኋላ የሒሳብ ክፍለ ጊዜን ግማሹን የምታሳልፈው ውጭ ነው።

ጥያቄውን እዚህ ላይ ድገሙት። እጇን ባታነሳ እፎይታው ይመጣ ነበር? አይመጣም። ስለዚህ መውጣቱ ኦፐራንት ነው። ድርጊቱን ያጠናከረው ሽልማት ማግኘቷ አልነበረም፤ የሚያስጨንቅ ነገር መወገዱ ነበር። ይህ ኔጌቲቭ ማጠናከሪያ ነው።

ኦርቫል ሞውረር በ1940ዎቹ ያቀረበው ሐሳብም ይህንኑ ይገልጻል፦ ፍርሃቱ በክላሲካል መንገድ ይመጣል፣ ሽሽቱ በኦፐራንት መንገድ ይጸናል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር አስረግጣችሁ ንገሯቸው። ሄለን እስከሸሸች ድረስ ኳኳታው ያለ ጩኸት ሲያልፍ አታየውም። ስለዚህ መምህሩ ጩኸቱን ቢተው እንኳ ፍርሃቷ የሚከስምበት ዕድል አያገኝም።

ሁለቱን መለየት ጥቅም ያለውም እዚህ ላይ ነው። «ሳትወጪ ከቆየሽ ተጨማሪ ነጥብ አለሽ» ማለት መውጣቱን ሊቀንስ ይችላል፤ የልቧን ምት ግን በቀጥታ አይነካም። ፍርሃቱ እንዲከስም ኳኳታው እየተሰማ፣ መምህሩ እየገባ፣ እሷም ክፍል ውስጥ እያለች፣ ጩኸት የሌለባቸው ብዙ ቀናት ማለፍ አለባቸው። ከሰመ ከተባለ በኋላም ከሴሚስተር እረፍት ስትመለስ ትንሽ ሊያገረሽ ይችላል። ይህ የተለመደ ነው፤ ሥራው ከንቱ ቀረ ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ አሁን ደወሉን አምጡ

ተማሪዎች ደብተራቸውን የሚሰበስቡት ለምንድን ነው? ቶሎ ለመውጣት፣ ሻይ ቤቱ ሰልፍ ላይ ለመቅደም። ደብተሩን ያልሰበሰበ ይህን አያገኝም። ከደወሉ በፊት የሰበሰበ ደግሞ «ማን ጨርሱ አላችሁ?» ይባላል። ደወሉ የሚናገረው መሰብሰብ የሚያዋጣበት ሰዓት መድረሱን ነው። ድርጊቱን ያቆየው የሚከተለው ውጤት ነው። ስለዚህ ኦፐራንት ነው።

በዚያው ቅጽበት ግን የአንዱ ተማሪ አፍ ምራቅ ይሞላል፤ ከዚህ ደወል በኋላ ሁልጊዜ ምሳ አለ። ምራቁ ባይመጣም ምሳው ይመጣል። ይህ ክላሲካል ነው።

ደወሉ አንድ ነው፣ ልጁም አንድ ነው። ለዚህ ነው «ደወል አለው» የሚለው መልስ የማይሠራው። ጥያቄ ስታወጡ መጀመሪያ *የትኛው ምላሽ* እንደሆነ በግልጽ ጻፉ። «ደወሉ ሲደወል ተማሪው ምን ተማረ?» ብሎ መጠየቅ ለተማሪውም ለአራሚውም ጣጣ ነው።

ደረጃ 6፦ ቅጣትን ከኔጌቲቭ ማጠናከሪያ ለዩ

ከኦፐራንት ክፍል ውስጥ ብዙ ነጥብ የሚያስጥለው ይህ ነው። ኔጌቲቭ የሚለው ቃል መጥፎ ነገር ይመስላቸዋል። ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል አስጠይቋቸው። አንደኛ፣ ድርጊቱ በኋላ በዛ ወይስ ቀነሰ? ከበዛ ማጠናከሪያ ነው፣ ከቀነሰ ቅጣት ነው። ሁለተኛ፣ የሆነ ነገር ተጨመረ ወይስ ተወገደ? ከተጨመረ ፖዘቲቭ፣ ከተወገደ ኔጌቲቭ ነው። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚል ጥያቄ የለም።

የቤት ሥራ በሰዓቱ ላስረከበ ነጥብ ሲጨመርና ማስረከቡ ሲበዛ ፖዘቲቭ ማጠናከሪያ ነው። ሙሉ ሳምንት ያስረከበ ከዓርቡ ኩዊዝ ነፃ ሲሆንና ማስረከቡ ሲበዛ ኔጌቲቭ ማጠናከሪያ ነው። ያወራን ልጅ መገሠጽ ወሬውን ከቀነሰው ፖዘቲቭ ቅጣት ነው። ስልኩን መቀማት ስልክ መነካካቱን ከቀነሰው ኔጌቲቭ ቅጣት ነው።

ሁሉም ላይ «ከቀነሰው»፣ «ሲበዛ» የሚል ቃል መኖሩን ልብ በሉ። የመምህሩ ሐሳብ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ውጤቱ ነው። ከኋላ ወንበር የሚቀልደውን ልጅ አስቡት። መምህሩ «ውጣ!» ይለዋል። ልጁ እየሳቀ ይወጣል፣ ክፍሉም ይስቃል። በማግስቱ ቀልዱ ይብሳል። መምህሩ ቀጣሁ ይላል፤ ድርጊቱ ግን በዛ። ስለዚህ ይህ ለልጁ ማጠናከሪያ ሆኗል፤ ያላማረውን ክፍለ ጊዜ አስወግዶለታል፣ ሳቅም ጨምሮለታል። መምህሩም አንድ ነገር ተምሯል። «ውጣ» ሲል ጫጫታው ወዲያው ጠፋለት፤ በሚቀጥለውም ቶሎ «ውጣ» ይላል። እሱንም ኔጌቲቭ ማጠናከሪያ ይዞታል። ተማሪዎች ይህን ምሳሌ በጣም ይወዱታል፤ ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ደረጃ 7፦ ራሳቸው ጥንድ ምሳሌ ይጻፉ

ለማረጋገጫ የምርጫ ጥያቄ አትስጡ። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ሰው፣ ከአንድ አጋጣሚ ሁለት ምሳሌ ይጻፍ፤ አንዱ ክላሲካል፣ አንዱ ኦፐራንት። ከየምሳሌው ሥር «ምንም ባያደርግ ይመጣ ነበር?» ለሚለው መልስ ይስጥ።

ስታርሙ ሦስት ስህተቶች ይበዛሉ። አንደኛው ተፈጥሯዊ ማነቃቂያ የሌለው ክላሲካል ነው፦ «መምህሩ ሲገባ ተማሪዎች ይነሳሉ።» መነሳትን በራሱ የሚያመጣ ነገር የታለ? የለም፤ ላልተነሳ ተግሣጽ ስላለ የጸና ኦፐራንት ነው። ሁለተኛው ውጤቱ ያልተጻፈ ኦፐራንት ነው፦ «ሽልማት ሰጡት» ይልና ያቆማል፤ ድርጊቱ መብዛቱን አይናገርም። ሦስተኛው ሽልማትና ደስታን አደባልቆ የሚጽፍ ነው፦ «ሰርተፍኬቱን ሲያይ ተደሰተ፣ ስለዚህ ኦፐራንት ነው።» ደስታው ስሜት ነው። ኦፐራንት ለማለት ሰርተፍኬቱን ያስገኘው ድርጊት በኋላ ተደጋግሞ መታየት አለበት። ለዚህ ተማሪ ዜሮ አትስጡት፤ «ከዚያ በኋላ ምን አደረገ?» ብላችሁ ጻፉበትና ወረቀቱን መልሱለት።